የሀብቱ ፈረስና ሦስቱ ወረቀቶች

ሀብቱ በዳንግላ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጣል። ምጥ የጠናባት ሴት ካለችም ተጠርቶ ይሄዳል። አባቱም እናቱም አገው ስለነበሩ ከገጠር የሚመጣውን ሰው በአገውኛ ያነጋግረው ነበር። ሰውም ለዚሁ ሲል ከሌሎቹ ይልቅ እሱን ይፈልገዋል። በሽታውን በእናቱ ቋንቋ የሚነግረው ሰው ማግኘት ለገበሬ ግማሽ መድኃኒት ነው።

የሚኖረው ከአውራው መንገድ ዳር፣ በአቶ በዛብህ ግቢ ውስጥ ነበር። አቶ በዛብህ የእህል ነጋዴ ናቸው። ከሚስታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ጋር ጫግኒ ተቀምጠው እየነገዱ፣ ዳንግላ ላይ የሠሩትን ግቢ ቤት ቤቱን ለያይተው ያከራዩታል። ኪራይ ለመቀበል የሚመጡትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሀብቱ ቤቱን ሲይዝ ውል ተጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙበት። በውሉ ተራ ቁጥር አራት ላይ ተከራዩ በግቢው ውስጥ ከብት፣ በግ፣ ፈረስም ሆነ በቅሎ እንደማያስር ተጽፎ ነበር። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ደግሞ አከራዩ ለግቢው ጽዳትና ጸጥታ የሚያወጣውን ደንብ ተከራዩ ያከብራል ይላል። ሀብቱ ያን ጊዜ ፈረስም ስላልነበረው፣ ደንብ የሚባልም ስላላየ፣ ሁለቱንም ሳያስብባቸው ፈረመ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አንድ ነገር ሆነ። ከአንከሻ በኩል አንድ ገበሬ እየሮጠ መጥቶ ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለች ነገረው። ሀብቱ ሻንጣውን ይዞ በእግሩ ተነሣ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወንዙም ሞልቶ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት። ሲደርስ ሴቲቱ ደሟ ፈስሶ አልቆ ነበር። ባልየው አልወቀሰውም። ተቀምጦ እግሩን አጠበለት። ሀብቱ ግን ያን የእግር ውኃ ከዚያ በኋላ ሊረሳው አልቻለም።

አቶ በዛብህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ሀብቱ ይህንን አጫወታቸውና ፈረስ መግዛት እንደሚፈልግ፣ ማሰሪያ ግን እንደሌለው ነገራቸው። ሀብቱ ውሉን ጠቅሰው የሚከለክሉት መስሎት ነበር። ሽማግሌው ግን ጸሐፊ እንዲጠራ አዘዙት። ያን ቀን ተጨማሪ ውል ተጻፈ። በመጀመሪያው ውል ተራ ቁጥር አራት የተከለከለው ቢኖርም፣ ሀብቱ በራሱ ወጪ ከቤቱ ጎን ጋጣ ሠርቶ አንድ ፈረስ ሊያስር እንደሚችል፣ የቀረው የመጀመሪያው ውል ግን እንደጸና እንደሚቆይ የሚናገር ነበር። አቶ በዛብህ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት በተማሩት ቀጥ ያለ ፊደል ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ሀብቱም ፈረመ። ጎረቤታቸው አቶ ነጋና የአዘናው ሽባባው ምስክር ሆኑ። ወረቀቱ አንድ ብቻ ስለነበር ሽማግሌው እጥፍ አድርገው ለሀብቱ ሰጡት። «አንተው ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ቤት ባይገባ ይሻላል» አሉት። ለምን እንደሆነ አልጠየቃቸውም።

ሀብቱ ዳማ ፈረስ ገዛ። ሰጋር ነበር፤ ወንዝም አይፈራም። በዚያ ፈረስ በዓመት ውስጥ የደረሰላቸውን ሴቶችና ሕፃናት እሱ ቆጥሮ አያውቅም። የሚያውቁት ሰዎች ግን በቅዳሜ ገበያ ሲያገኙት ከፈረሱ አንገት ላይ እጃቸውን ያሳርፉ ነበር።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የጫግኒ ቆላ ወይዘሮ ይታይሽን በወባ አደከማቸው። አቶ በዛብህ ሚስታቸውን ወደ ደጋው እንዲወጡ አደረጉና የግቢውን ጉዳይ ሁሉ እንዲያስተዳድሩ፣ ቢያስፈልግም በፍርድ ቤት እንዲከራከሩ ሕጋዊ ውክልና ሰጧቸው። እሳቸው ራሳቸው ኑግና ሰሊጥ ሊገዙ ወደ መተከል ወረዱ። ወይዘሮ ይታይሽ ዳንግላ ገብተው ከበሩ አጠገብ ባለው ቤት ተቀመጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያው ማለዳ ሀብቱ ፈረሱን እየሳበ በደጃቸው ሲያልፍ የኮቴውን ድምፅ ሰምተው ወጡ። ፈረሱን አይተው ፊታቸው አመድ መሰለ። ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉ።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከላይ «የግቢ ደንብ» የሚል አለበት። ጥራጊ ከግቢ ውጭ እንዲደፋ፣ የጋራው ውኃ በተራ እንዲቀዳ፣ በር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ተቆልፎ ቁልፉ ከአከራይዋ ዘንድ እንዲያድር ያዛል። ከመካከሉ ደግሞ ማናቸውም ዓይነት እንስሳ በግቢው ውስጥ እንዳይገባ፣ ይህን የጣሰ ቤቱን እንዲለቅ ይላል። ተከራዮቹ ሁሉ አነበቡት፤ ማንበብ ለማይችሉትም የሀብቱ ጎረቤት የሆነችው ተከራይ የሻረግ አነበበችላቸው። የሻረግ በሸማ ሥራ የምትተዳደር፣ ልጇን ከኩፍኝ ሀብቱ ያተረፈላት ሴት ናት። አንብባ ስትጨርስ ወደ ሀብቱ ዞራ «ይኼ ላንተ የተጻፈ ነው» አለችው።

ሀብቱ አልተጨነቀም። ተጨማሪውን ውል ይዞ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ሄደና በአክብሮት አሳያቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት።

«ይኼን ባሌ አልፈረመውም» አሉ።

«ፈርመውታል፣ እትዬ። እኔ ፊት ነው የፈረሙት።»

«በዛብህ ፈረስ እቤቴ ይግባ ብሎ አይፈርምም። ያስጻፍከው አንተ ነህ።»

ሀብቱ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሐሰተኛ ወረቀት አዘጋጀህ መባል ሌባ ከመባል ይልቅ ከበደው። ወረቀቱን መልሶ ይዞ ወጣ። ምስክሩ አቶ ነጋ ካለፈው ፋሲካ በፊት ሞተዋል። ሽባባው ያለው አዘና ነው። አቶ በዛብህ ደግሞ መተከል ውስጥ ከየት እንዳሉ የሚያውቅ አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰው። ወይዘሮ ይታይሽ በባለቤታቸው ስም ከሰውት ነበር። ክሱ ሀብቱ ውሉን አፍርሷልና ቤቱን ይልቀቅ የሚል ነው።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ዳኛው ገብረ ማርያም የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያዳምጡ፣ ተከራካሪ ሲናገር የማያቋርጡ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ይታይሽ ክርክራቸውን ራሳቸው አቀረቡ፤ ንግግራቸውም ሥርዓት ነበረው። ውሉ ፈረስ ይከለክላል አሉ። ደንቡም ፈረስ ይከለክላል። ውሉ ራሱ ተከራዩ ደንብ ያከብራል ብሎ አስገድዶታል። ሁለት ወረቀት በአንድ ቃል ሲናገሩ አንድ ወረቀት ብቻውን ሌላ ይናገራል፤ እሱንም እኔ አላውቀውም፤ ቢኖርም ደንቡ ከእሱ በኋላ የወጣ ስለሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል አሉ።

ሀብቱ ተራው ሲደርስ እንደሳቸው መናገር አልቻለም። ተጨማሪው ውል እውነተኛ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎም ፈረስ ማሰር ከተፈቀደልኝ በሌሊትም መውጣት ተፈቅዶልኛል፣ ምጥ ሰዓት አይመርጥም፤ ስለዚህ የበሩ ደንብም እኔን አይመለከተኝም አለ። ከተናገረው በኋላ ራሱም ትንሽ እንዳበዛ ተሰማው።

ዳኛው ሦስቱን ወረቀቶች ከፊታቸው ደርድረው አንድ በአንድ አነበቧቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወረዱና፣ የሁሉም ቁልፍ መካከለኛው ወረቀት እንደሆነ፣ ከሳሽ ፊርማውን ከካዱ ግን ወረቀቱን ከመመዘን በፊት እውነተኛነቱን ማጣራት እንደሚገባ ተናገሩ። ወካያቸው በሕይወት ስላሉ ከማንም በፊት እሳቸው ይጠየቃሉ፤ ሽባባውም ከአዘና ይጠራ አሉና ቀጠሮ ሰጡ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ያለው ጊዜ ለሀብቱ ከባድ ነበር። ለፈረሱ ሌላ ማሰሪያ መፈለግ ጀመረ፤ አላገኘም። አቶ በዛብህ መጥተው ምን ይሉ ይሆን እያለ ያስባል። ባል በአደባባይ የሚስቱን ክስ ያፈርሳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ቀላል አይደለም። ሽማግሌው «አላስታውስም» ቢሉ እንኳ ማን ይፈርድባቸዋል? የሻረግ ግን ጥጥ እየፈተለች «በዛብህ ሚዛን የሚይዙ ሰው ናቸው፤ እንክርዳድ አይቀላቅሉም» ትለው ነበር።

አቶ በዛብህ ከመተከል ወደ ጫግኒ ሲመለሱ መጥሪያው ደርሷቸው ኖሮ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው በቀጠሮው ጠዋት ደረሱ። ጋቢያቸው አቧራ ለብሶ ነበር። ወደ ቤት ሳይገቡ ቀጥ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ሀብቱ ሲያያቸው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ከሚስታቸው ጎን ተቀመጡ።

ዳኛው ወረቀቱን አስያዙአቸውና ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ በዛብህ ለረጅም ጊዜ አዩት። ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ።

«የኔ ነው» አሉ። «የጻፍኩትም ወድጄ፣ አውቄ ነው።»

ወይዘሮ ይታይሽ አንገታቸውን ደፉ። ዳኛው ታዲያ ለተወካይዎ ለምን አልነገሯቸውም ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ ምህረቴ የሚባል ልጅ ነበረን። አንድ ልጅ ነው። በጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ ላይ ከፈረሰኞች ጋር ሲጋልብ ወድቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ውስጥ የፈረስ ስም አይነሣም። ይኼ ሰው ግን መጥቶ፣ በእግሬ ሄጄ ስላልደረስኩ ሴት ሞተችብኝ አለኝ። አሰብኩበት። ልጄን ፈረስ ገደለብኝ፤ የሰው ልጅ ደግሞ ፈረስ ጠፍቶ መሞት የለበትም አልኩና ፈረምኩ። ለሷ ልነግራት አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷም የሱም አይደለም።»

ሀብቱ ከዚያች ማለዳ ጀምሮ የወይዘሮ ይታይሽ ፊት ለምን እንዲያ እንደሆነ አሁን ገባው። በየቀኑ ያንን ኮቴ በደጃቸው እያስረገጠ ሲያልፍ ምን እያደረገባቸው እንደነበር አሰበ። ሽባባው ተጠርቶ ፊርማው የራሱ መሆኑን፣ ሟቹ አቶ ነጋም አጠገቡ ተቀምጠው እንደፈረሙ መሰከረ። ዳኛው ከሰዓት በኋላ ፍርድ እንደሚሰጡ ተናግረው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ፍርዱን ያነበቡት ቀስ ብለው፣ ሁሉም እንዲገባው አድርገው ነበር። አንዳንድ ቦታ ላይ ወረቀቱን አስቀምጠው በቃላቸው አብራሩ።

ውል በሕግ መሠረት ከተደረገ ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው አሉ። የመጀመሪያው ውል ፈረስ ከልክሎ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ውል የጻፉት ሁለት ሰዎች፣ እነዚያው ራሳቸው፣ በዚያው ዓይነት ሥርዓት፣ በጽሑፍና በሁለት ምስክር ፊት ሌላ ውል አደረጉ። ይህ ተጨማሪ ውል የከለከለውን ተራ ቁጥር አራትን ስሙን ጠርቶ ለአንድ ፈረስ ፈቅዷል። ስለዚህ በሚቃረኑበት በዚህ አንድ ነገር ተጨማሪው ውል ይጸናል። የመጀመሪያው ውል ግን አልሞተም። ተጨማሪው ራሱ የቀረው ይጸናል ስላለ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ሁለተኛ ፈረስ ወይም በግ ቢያስር ዛሬም ተከልክሏል።

ከዚያ ወደ ደንቡ ዞሩ።

«ከሳሽ ሁለት ወረቀት ከአንድ ይበልጣል ብለዋል» አሉ። «ወረቀት በቁጥር አይመዘንም፤ ማን ፈረመበት ተብሎ ነው የሚመዘነው። ይህን ደንብ የጻፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል ማለትም ትክክል ነው፣ ሁለቱንም የጻፉት ያው ሁለቱ ሰዎች ሲሆኑ። ሁለት ሰው ያሰረውን አንድ ሰው ብቻውን አይፈታውም።»

ቀጥለውም፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ ተከራዩን ደንብ እንዲያከብር የሚያስገድደው ለግቢው ጽዳትና ጸጥታ ነው እንጂ፣ በውል የተሰጠውን መልሶ እንዲነጠቅ አይደለም አሉ። ስለዚህ ስለ እንስሳ የሚናገረው የደንቡ ክፍል ለሀብቱ ፈረስ አይሠራም፤ ሀብቱም ውል አላፈረሰምና ቤቱን አይለቅም።

ሀብቱ ፈጣሪውን ሊያመሰግን ሲል ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። የደንቡ ሌላው ክፍል ግን ከየትኛውም ውል ጋር አይቃረንም አሉት። ስለ ጥራጊ፣ ስለ ውኃና ስለ በሩ የተጻፈው ከተራ ቁጥር ዘጠኝ የመጣ ስለሆነ ያስገድደዋል። ተጨማሪው ውል ፈረስ ማሰር ፈቀደ እንጂ በማናቸውም ሰዓት በር ማስከፈትን አልፈቀደም። ያልተጻፈውን ፍርድ ቤቱ አይጽፍለትም። ፋንድያውን ያወጣል፣ የበሩንም ሰዓት ይጠብቃል። ሌላ የሚፈልግ ከሆነ እንደ ፊተኛው ከአከራዩ ጋር ይዋዋል። ፍርዱ ይኸው ነበር።

ከችሎት ሲወጡ የሻረግና ሌሎች ተከራዮች ሀብቱን እንኳን ደስ አለህ አሉት። እሱ ግን ሽማግሌውን ፍለጋ ሄደ። አቶ በዛብህን ከባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸው። ወይዘሮ ይታይሽ ቀድመው ወደ ቤት ሄደዋል።

ሀብቱ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ጋሼ፣ ዛሬ ያደረጉልኝን እግዚአብሔር ይክፈልዎ። ሐሰተኛ ተብዬ ልቀር ነበር» አላቸው።

«ያደረግኩልህ ነገር የለም» አሉት ሽማግሌው። «የጻፍኩትን የኔ ነው አልኩ። እሷን ነው ያሳዘንኳት። አውቄ ደብቄያት፣ በሰው ፊት ሰማችው።»

ሀብቱ አጠገባቸው ተቀመጠ። ዳኛው የሰጡት መብት እንዳለ ሆኖ፣ ወይዘሮ ይታይሽ ይህን ኮቴ በየማለዳው እየሰሙ እንዲኖሩ እንደማይፈልግ ነገራቸው። ሲያሰላስል የነበረውን ሐሳብም አጫወታቸው። ከግቢው ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር አጠገብ፣ ባዶ ቦታ አለ። ጋጣው ወደዚያ ቢዛወርና በጓሮው አጥር ላይ ለብቻው በር ቢከፈት፣ ፈረሱ በኋላው መንገድ ገብቶ በኋላው መንገድ ይወጣል። በፊት ለፊቱ በርም ሆነ በሳቸው ደጅ አያልፍም። የማፍረሱንና የመሥራቱን ድካም እሱ ይችለዋል።

አቶ በዛብህ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩት። «ይኼን እንግዲህ ለሷ ንገራት፤ ለኔ አይደለም። ውክልናው የሷ ነው» አሉት።

አብረው ወደ ግቢው ሄዱ። ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሀብቱ ደረጃው ላይ ቆሞ በመጀመሪያ ስለ ልጃቸው እግዚአብሔር ያጽናዎ አላቸው። አውቄ ቢሆን ኖሮ ያን ማለዳ በደጅዎ ባላለፍኩ ነበር አለ። ከዚያ ስለ ጓሮው ተናገረ።

«ተረትተህ አይደለም እኮ» አሉ እሳቸው። «ረትተህ ነው። ለምን ትለፋለህ?»

«ፈረሱን ፈቀዱልኝ፣ እትዬ። እርስዎን ማሳዘን ግን አልፈቀዱልኝም።»

ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሐሰተኛ ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አሉት። ሀብቱም ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። አቶ በዛብህ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

በማግሥቱ ጸሐፊ ተጠራ። ሽባባው ወደ አዘና ሳይመለስ እንዲቆይ ተለመነ፤ ሁለተኛዋ ምስክር የሻረግ ሆነች። ወይዘሮ ይታይሽ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀምጠው ቃል በቃል አስጻፉት። ጋጣው በጓሮ እንደሚሆን፣ ፈረሱ በፊት በር እንደማይገባ ተጻፈ። ሀብቱ ይኸው ይበቃል ብሎ ብዕሩን ሊቀበል ሲል ወይዘሮዋ ጸሐፊውን ገና ነው ብለው አቆሙት።

«የጓሮው በር ቁልፍ ከተከራዩ ዘንድ ያድራል በል» አሉ። «በቀንም በሌሊትም ሲጠራ ይወጣል፣ ይገባል። በሩንም አከራይ ያሠራል። ይህ ውል ከቀድሞዎቹ ጋር በሚቃረንበት ይኼኛው ይጸናል፤ ከእንግዲህ የሚወጣ የግቢ ደንብም ይህን አይሽርም። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሀብቱ ዳኛው የከለከሉትን ነገር ሳይለምን እንዳገኘው ገባው። ወይዘሮ ይታይሽ ስለ ባለቤታቸው ፈረሙ፤ ሀብቱ ፈረመ፤ ምስክሮቹም ፈረሙ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከወይዘሮዋ ሣጥን ገባ። የሻረግ ቀለም የነካ ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች ከግቢው በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ አነሣችው፤ በዚያው ቀን ስለ እንስሳ የሚናገረው መስመር የሀብቱን ፈረስ ሳይጨምር በሚል ተስተካክሎ ተመልሶ ተለጠፈ።

አቶ በዛብህ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ዳንግላ ቆዩ። ሰዎች ባልና ሚስቱ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ያዩአቸው ነበር። የሻረግ እንደምትለው የሚያወሩት ስለ ምህረቴ ነው። በሕፃንነቱ ምን ይል እንደነበር፣ የትኛውን ወጥ ይወድ እንደነበር ያነሣሉ። ስንት ዓመት ስሙን ሳያነሡ የኖሩ ሰዎች አሁን አንዱ ጀምሮ አንዱ ይጨርስ ነበር። ሽማግሌው ወደ ጫግኒ ሲመለሱ ሀብቱ ዕቃቸውን ተሸክሞ መኪና ድረስ ሸኛቸው። መኪናው ሲነሣ «ይታይሽን አደራ» አሉት።

የጓሮው በር ዝግባ ጣውላ ሆኖ ተሠራ። ሀብቱ በዚያ በር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው አንድ ሌሊት ከዚገም መንገድ መጥቶ በጓሮ ለጠራው ገበሬ ነበር። እህቱ በሁለት ቀን ምጥ ተዳክማለች። ሀብቱ ቁልፉን አዙሮ ፈረሱን አወጣ። ግቢው ተኝቶ ነበር፤ ማንንም አልቀሰቀሰም። ሲደርስ የሴቲቱ ነፍስ ገና አልወጣችም ነበር። ሕፃኑ በእግሩ መጥቶ ኖሮ ብዙ አደከመው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን እናትም ልጅም ተርፈው፣ ወንድምየው ደጅ ተንበርክኮ በአገውኛ ሲያመሰግን ሀብቱ ከውስጥ ይሰማው ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ ገበሬ በገበያ ቀን አንድ ቅል ነጭ ማር ይዞ መጣ። ሀብቱ ተቀበለውና ወደ ራሱ ቤት አልገባም። ቀጥ ብሎ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ሄደና ቅሉን ከፊታቸው አኖረው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉት።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ለበሩ ያመጡት ነው» አላቸውና ስለ ሴቲቱና ስለ ሕፃኑ ነገራቸው።

ወይዘሮ ይታይሽ ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁት። ወንድ ነው አላቸው። ቅሉን ከፍተው ማሩን በጣታቸው ቀመሱት። ከዚያ ማሰሮ አምጥተው ከሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ለሀብቱ መለሱለት፣ አንዱን አፉን በጥንቃቄ አስረው ወደ ጫግኒ ለሚወርደው መኪና እንዲሰጥላቸው ለመኑት።